ብርድ አገር የሞቀ ካምቢዮ

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ ስለ ሙቀት የሚያስብ ሰው የለም። ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ሳንቃበር ደግሞ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አውጥቶ፣ ስካውት አሳፍሮ በማለዳ በሚነሳ መኪና ውስጥ ወሬው ሁሉ ብርድ ነው። ከኋላ ያሉት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል። ስካውቱ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ መስኮቱ እንዲዘጋለት ይለምናል። ሾፌሩም ማሞቂያውን ከፍቶታል። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የፕራዶው ክሩስኮት ላይ A/T OIL TEMP የሚል መብራት ብቅ ብሎ «እኔስ ሞቀኝ» የሚለው።

ሾፌሩ መጀመሪያ የሚያየው የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ነው። መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ራዲያተሩ አልፈላም፣ ጭስ የለም፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ የለም። ስለዚህ መኪናውን ትቶ መብራቱን ይጠረጥራል፤ «ሰንሰሩ ነው» ይልና ይቀጥላል። አንዳንዴ እውነትም ሰንሰሩ ይሆናል። ግን ይህችን አባባል ካምቢዮ አውርደው የሚጠግኑ ሰዎች በጣም ይወዷታል፤ እንጀራቸው ናትና።

የሙቀቱ ምንጭ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አውቶማቲክ መኪና በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ኮንቨርተር የሚባለው በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። በውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ባለክንፍ ክቦች አሉ። አንደኛው ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት ሁለተኛውን ያዞራል፤ ጎማው የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። ሁለቱ ክቦች እኩል ፍጥነት ሲዞሩ ብዙ የሚባክን ነገር የለም። ቀጥ ባለ ዳገት፣ ጭነት ተይዞ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ግን የሞተሩ ክብ ይፈጥናል፣ የጎማው ይዘገያል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሙሉ ዘይቱን ያፈላል። አስፋልት ላይ በደህና ፍጥነት ሲኬድ ሁለቱን ክቦች አንድ ላይ የሚያጣብቅ ውስጣዊ መቆለፊያ አለ። በጠጠሩ ዳገት ላይ ያ መቆለፊያ የሚያዝበት ፍጥነት አይደረስም።

ከፍታውም የራሱን ያክላል። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠለል ከሚኖረው ጉልበት ከሩብ በላይ ያጣል። ሾፌሩ ይህን በቁጥር ባያውቀውም በእግሩ ያውቀዋል፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ነካ ሲያደርገው ይሄድ የነበረውን ነዳጅ መስጫ እዚህ እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይግላል። የጋለው ዘይት የሚበርደው በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ሲመለስ ነው፤ መኪናው ደግሞ እያዘገመ ስለሆነ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው ነፋስ ትንሽ ነው። ጋቢ ያስለበሰው ብርድ ለካምቢዮው ብዙም አልጠቀመውም።

ጤናማ የካምቢዮ ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ይሠራል። በብዙ ቶዮታዎች ይህ መብራት የሚበራው ግን ዘይቱ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ ነገሩ ገና ሊመጣ ያለ ሳይሆን የመጣ ነው። በዚያ ሙቀት ዘይቱ ማለስለሱን ያጣል፣ ጎማ ማኅተሞቹ መድረቅ ይጀምራሉ፣ በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎችም መቃጠል ይከተላቸዋል። «ሳንቃበር እኮ ቅርብ ነው» የሚለው ምክር ጥሩ የሚሆነው በእግር ለሚሄድ ሰው ነው።

መኪናው ዳር ይዞ ሲቆም፣ በሰሜን ተራሮች እንደተለመደው፣ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይሰበሰባል። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ይላሉ።

«አንተ ልጅ፣ አጥፋውና ይረፍ እንጂ! ሲጮህ አትሰማውም?»

«አባባ፣ ካጠፋሁት አይበርድም።»

«በቅሎም ስትደክም ትቆማለች፤ ቆማ እየሮጠች ታርፋለች እንዴ?»

ስካውቱ የሽማግሌውን ሐሳብ ደገፈ። ከኋላ ያሉትም ደገፉ። አንዱ ልጅ ውሃ በጀሪካን ይዞ መጥቶ የት ላፍስስ አለ። ድምፅ ቢሰጥ ሾፌሩ በግልጽ ይሸነፍ ነበር፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነው። የካምቢዮውን ዘይት ወደ ራዲያተሩ የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የጋለው ዘይት ባለበት፣ በጋለው ብረት መሃል ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ የአምራቹ መመሪያ የሚለው መኪናውን ደህና ቦታ ማቆም፣ ማርሹን ፒ ላይ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬን መያዝና ሞተሩን ሳያጠፉ በዝግታ እንዲዞር መተው ነው። ዳገት ላይ ከሆነ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ ውሃ ይዞ የመጣው ልጅ ለዚህ ሥራ ቢታዘዝ ይሻላል። ውሃውን በጋለ ካምቢዮ ላይ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሞተሩ የሚጠፋው የራሱ የውሃ ሙቀት መርፌም ወደ ቀዩ ከወጣ፣ ወይም ከሥር ቀይ ዘይት ሲንጠባጠብ ከታየ ነው፤ ያኔ ችግሩ ሌላ ሆኗል።

መብራቱ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል። ወዲያው መነሳት ያጓጓል፤ ትንሽ ጨምሮ መታገሥ ግን አይከፋም፣ ምክንያቱም መብራቱ ጠፋ ማለት ዘይቱ ከአደጋው ወለል ወረደ ማለት እንጂ ወደ ጤናው ተመለሰ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ አነዳዱ ነው የሚለወጠው። ፕራዶ ያለው ሰው አንድ ትልቅ መፍትሔ በእጁ አለው፤ ብዙ ሾፌር ጭቃ ካላየ የማይነካትን የከባዱን ማርሽ ማስገቢያ። እሷ ስትገባ ጎማው በቀላሉ ይዞራል፣ ሞተሩና ጎማው ይቀራረባሉ፣ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መንሸራተት በእጅጉ ይቀንሳል። መኪናው አይፈጥንም፤ ድሮም አልፈጠነም። ይህ የሌላት መኪና ማርሿን ዲ ላይ ትታ አንዴ ሁለተኛ አንዴ ሦስተኛ እያለች ከምትዋልል ኤል ወይም ሁለት ላይ ብትያዝ ይሻላል። መታጠፊያ ላይ ከፊት የሚወርድ አይሱዙ ቢመጣ ደግሞ መኪናውን በነዳጅ ብቻ ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጠበቅ አይገባም፤ ፍሬን ይያዝ። በነዳጅ ማንጠልጠል ለዘይቱ ከመውጣትም ይብሳል።

ከኋላ ያሉት ወርደው ጥቂት ቢራመዱም ይረዳል። ይህን ሐሳብ ለማቅረብ ግን ከሾፌሩ ድፍረት ይጠይቃል፤ በሦስት ሺህ ሜትር ላይ ከጋቢ የወጣ ተሳፋሪ በቀላሉ አይቅር የሚል አይደለም። መብራቱ እንደገና ከበራ ጉዞው በዚያው ያበቃል፤ ቀስ ብሎ ወደ ደባርቅ መመለስ ነው።

እስካሁን የተባለው የሞቀ ነገር ግን ያልተበላሸ ካምቢዮ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ዓይነት መብራት ሌላ ጠባይ አለው፤ ሰዎች ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ለአንዱ የታዘዘው መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ኮሶዬንና አምባ ጊዮርጊስን አልፋ ወደ ዳባት የምትሄድ አንዲት አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ እናስብ። በሰዓት 60 ላይ ሳለች ከኋላ እንደተመታች ያህል ድንገት ትገፋለች። ቼክ ኢንጅን ይበራል፤ O/D OFF የሚለው መብራት ማንም ሳይነካው ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ማርሽ አይቀያየርም። ዳባት መግቢያ ላይ ቆማ ስትነሳ እንደ ወትሮዋ አትፈናጠርም፤ እየተጎተተች፣ እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች። አውራ መንገድ ላይ ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አይጨምርም።

ይህ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ካምቢዮው «ተቃጠለ» ማለት አይደለም። የካምቢዮው ኮምፒውተር ማርሽ የሚያስቀይሩትን ትንንሽ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቫልቮች፣ ሶሌኖይዶቹን፣ ማመን ሲያቅተው እጁን ያነሳል። የዘይቱን ግፊት ከፍ ያደርግና ካምቢዮውን አንድ ማርሽ ላይ ይተወዋል። እንደ ሞዴሉ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ላይም አራተኛ ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ከፍ የሚለው ሸራዎቹ እንዳይንሸራተቱና እንዳይቃጠሉ ነው፤ ማርሽ ሲገባ «ገጭ» የሚለውም ለዚሁ ነው። ያለ ብዙ ጉዳት አቅራቢያ ያለ ደህና ቦታ እንዲደረስ የተተወ መውጫ ነው። በዚህች ኮሮላ ላይ ሦስተኛ ላይ ቀርቷል። በአንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች እጀታውን ኤል ላይ ሲያደርጉት አንደኛ ማርሽ ይገኛል፤ እሱ የሚታዘዘው በእጅ በሚንቀሳቀስ ቫልቭ ስለሆነ ኮምፒውተሩን አይጠይቅም። መሞከሩ አይከፋም።

ዳባት ላይ የሚሰጠው ምክር «ባትሪውን ንቀለው» ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስለሚመስል ከባድ ነው። ስህተቱ የሚመጣ የሚሄድ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነቃ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ማርሹ ይቀያየራል፣ መካሪው ይመረቃል። ነገር ግን ከባትሪው ጋር ኮምፒውተሩ የመዘገበው የስህተት ኮድም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ ማለትም ለመካኒኩ ሊነገረው የሚገባው ብቸኛ ምስክር ተሰናበተ። ቁልፉን አጥፍቶ ጥቂት ቆይቶ ማስነሳት ይበቃል፤ ያም አደገኛ ቦታ ላይ ለቆመ መኪና አንድ ጊዜ የሚደረግ ነው። ከአሥር ኪሎ ሜትር በኋላ ሲመለስ እያጠፉ እያስነሱ መሄድ ግን በየጊዜው ያንን ግጭት ለካምቢዮው መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ጎንደር ድረስ ትሂድ ወይስ አትሂድ ነው። መልሱ ያለው በአፍንጫና በጆሮ ላይ ነው። ሞተሩ ሲጮህ መኪናው እየቀረ፣ ማለትም ካምቢዮው እየተንሸራተተ ከሆነ፣ የተቃጠለ ነገርም ከሸተተ፣ በዚያች መኪና አንድ ኪሎ ሜትር መጨመር አይገባም። ሽታ ከሌለና ሦስተኛው ማርሽ ሳይንሸራተት ከያዘ፣ በቀን፣ ጭነት ቀንሶ፣ በሰዓት ከ40 እስከ 50 እየሄዱ፣ ለመነሳት ነዳጅ በቀስታ እየሰጡ ጎንደር መግባት ይቻላል።

ወደ ሌላው አቅጣጫ ግን፣ ወደ ሊማሊሞ፣ ጨርሶ አይቻልም። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የቀደዱት ያ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የሚያውቁት ሾፌሮች በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ እየያዘ ነው የሚወርዱት። ሦስተኛ ላይ የተቀረቀረ ካምቢዮ በዝግታ መኪናውን የሚይዝበት አቅም የለውም፤ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ከእግር ሥር ይሰምጣል። ዳገት መውጣት ያቃታት መኪና ታሳፍራለች፤ ቁልቁለት መያዝ ያቃታት ግን ሌላ ነገር ናት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ለማንም ምርጫ አይሰጥም፤ ደባርቅ ማደር ነው።

የተሰበሰበው ሰው ደግነት ሁለት ተጨማሪ ፈተና ያመጣል። መጀመሪያ «እንግፋት» ይላል። አውቶማቲክ ተገፍታ አትነሳም፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ፓምፑም የቆመ ስለሆነ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝ ግፊት የለም። አሥር ጎበዝ እስከ ከተማው ጫፍ ቢገፋት ላቡ ብቻ ነው የሚተርፈው። ቀጥሎ ገመድ ይመጣል። በገመድ መጎተት ከመግፋቱ ይብሳል፤ ጎማዎቹ እየዞሩ የካምቢዮውን ውስጥ ያዞሩታል፣ ፓምፑ ግን ቆሟልና ዘይት አይደርሰውም። አንዳንድ የአምራች መመሪያዎች ጨርሶ ይከለክላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ማርሹ ኤን ላይ ሆኖ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ፣ ለተወሰነ ርቀት ብቻ ይፈቅዳሉ። በሽቦ ችግር ዳባት ላይ የቆመች መኪና አይሱዙ ኋላ ታስራ በ60 እየተጎተተች ጎንደር ስትደርስ ሽቦውም ካምቢዮውም ተበላሽቶ ትገኛለች። ወጪው ቢያምም መኪና ላይ ተጭና ትምጣ፤ ወይም የሚነዱት ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ።

ኮሮላዋ ጎንደር ገባች እንበል። ጋራዡ ያለው ሰው ገና በሩ ላይ ሳለች «ካምቢዮው ይውረድ» ቢል ባለቤቱ ለጊዜው ጆሮ አይስጥ። መጀመሪያ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ የኮድ ማንበቢያ ይሰካል። P0700 የሚል ኮድ ብቻውን ከወጣ «ካምቢዮ በኩል የተመዘገበ ነገር አለ» ከማለት የዘለለ ቁም ነገር አይነግርም፤ በእሱ ብቻ ካምቢዮ የሚያወርድ ሰው የደብዳቤውን ፖስታ አንብቦ የፈረደ ነው። አብሮት የወጣው ኮድ P0753 ነው። ይህ የመጀመሪያው ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ማለት ነው፤ መስመር ሲል ሶሌኖይዱን ራሱንም፣ ሽቦውንም፣ ኮምፒውተሩንም ያጠቃልላል።

ስለዚህ ይለካል። በብዙ ቶዮታዎች ጤነኛ የማርሽ ሶሌኖይድ ቀዝቃዛ ሲሆን ከ11 እስከ 15 ኦም ያሳያል። መካኒኩ ካምቢዮው አጠገብ ያለውን ሶኬት ነቅሎ ሲለካ 13 አገኘ፤ ሶሌኖይዱ ደህና ነው። ያንኑ ሶኬት መልሶ ሰክቶ በኮምፒውተሩ ጫፍ ሲለካ መለኪያው ምንም አላነበበም። እንግዲህ የተቆረጠው በሁለቱ መካከል ነው። ሽቦውን በእጁ እየተከተለ ሲሄድ ባትሪው የተቀመጠበት ብረት ሥር ተቀርቅሮ፣ ልባሱ ተፍቆ፣ መዳቡ ለሁለት ተበጥሶ ተገኘ። ባትሪው ሲነቀልና ሲሰካ የተቀረቀረ ነው። ሽቦው ተበየደ፣ ተሸፈነ፣ ከብረቱ ራቅ ተደርጎ ታሰረ። ካምቢዮው ካለበት አልተነቃነቀም።

ዘይቱም ይታያል፤ እዚህ ላይ ጎበዝ የሚባል የሞተር ሰው እንኳ ይሳሳታል። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። መለኪያ ዘንግ ባለው አውቶማቲክ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናዋ ተነድታ ትሞቃለች፣ ሞተሩ እየዞረ ማርሹ በየቦታው ሁሉ አልፎ ፒ ላይ ይመለሳል፣ ከዚያ ዘንጉ ይሳባል። ቀዝቅዛ ከተለካች ወይም ሞተሩ ጠፍቶ ከተለካ ንባቡ ያታልላል፤ የተረፈው ሲሞላበት አረፋ ይሠራል፣ የጎደለው ሳይታይ ሲቀር ፓምፑ አየር ይስባል። እንደ ፕራዶው ያሉ ብዙ አዳዲስ ካምቢዮዎች ዘንግም የላቸው፤ ከሥር ቡሎን ተፈትቶ፣ ዘይቱ በመመሪያው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲሆን ነው የሚለካው።

150 ዲግሪ ያየ የፕራዶ ዘይት ደግሞ ቢቀየር ይሻላል፤ ቀዩ ወደ ቡናማ ከሄደና ከሸተተማ ምንም አያከራክርም። ግን ቡሎን ተፈትቶ የሚወርደው ሁሉም አይደለም፤ ብዙው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መካኒኩ ይቀይርና ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ በድጋሚ እንዲቀየር ይነግራል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ጋቢውን ከትከሻው እያስተካከለ «ሁለት ጊዜ? ዘይቱን ማን ይሸጥልሃል?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው።